ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፦ የላፕቶፕ ቻርጀር ሲተካ

ቻርጀሩ የተበላሸበት ሰው ላፕቶፑን ይዞ ሱቅ ሲሄድ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመሰኪያውን ቀዳዳ ነው። ከተሰቀሉት ቻርጀሮች አንዱን አውርዶ ይሞክራል፤ አይገባም። ሌላ ያወርዳል፤ ይገባል። የላፕቶፑ መብራት ይበራል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ገዢው ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ቤቱ ሲደርስ ላፕቶፑ ይበራል፤ ባትሪው ግን አልሞላ ይለዋል። ሌላው ማሽኑ እንደ ድሮው አልፈጥን ሲለው ቫይረስ የገባበት ይመስለዋል። የሦስተኛው ቻርጀር እጅ እስኪያቃጥል ግሎ የፕላስቲክ ሽታ ያመጣል። ያልታደለው ደግሞ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ጥገና ቤት መመላለስ ይጀምራል።

እነዚህ አራት ችግሮች የተለያየ መነሻ አላቸው። ቻርጀር ከላፕቶፕ ጋር የሚስማማው በሦስት ነገር ነው፤ በቮልት፣ በአምፔርና በጫፉ። ሦስቱም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ ከተጠየቀው ማነስ የለበትም፤ ቢበልጥ ግን ችግር የለውም። ጫፉ ደግሞ በመጠን ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ሰው ልብ በማይለው መንገድ ከላፕቶፑ ጋር «መነጋገር» አለበት። እስቲ በአገራችን ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ በብዛት በሚታይ አንድ ላፕቶፕ፣ በዴል ላቲቲዩድ፣ ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

ከቻርጀሩ ጀርባ ያለው ጽሑፍ

ባለ 65 ዋት የዴል ቻርጀር ቢገለበጥ በጀርባው ካለው ብዙ ጥቃቅን ጽሑፍ መካከል እነዚህ ሁለት መስመሮች ይገኛሉ፦

```
INPUT:  100-240V~ 50-60Hz
OUTPUT: 19.5V ⎓ 3.34A  65W
```

የመጀመሪያው መስመር ቻርጀሩ ከግድግዳው የሚቀበለውን ይናገራል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል ማለት ስለሆነ፣ ከአሜሪካ የ120 ቮልት መስመር የመጣ ቻርጀር በእኛ የ220 ቮልት መስመር ላይም ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። ዘመድ ከዋሽንግተን የላከው ላፕቶፕ የሚያስፈልገው ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ያለውን ገመድ መቀየር ብቻ ነው። ያ ገመድ ከቻርጀሩ ተነቅሎ የሚወጣ ሲሆን፣ ባለ ሁለት ክብ እግር የሆነው በየሱቁ ይገኛል። ቻርጀሩ ባለ ሦስት ቀዳዳ ከሆነ አዲሱም ገመድ ባለ ሦስት ይሁን፤ ሦስተኛው የመሬት መስመር ነው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ሁለተኛው መስመር ነው። ቻርጀሩ ወደ ላፕቶፑ የሚልከውን የሚናገረው እሱ ነው። በ`V` የተጻፈው ቮልት፣ በ`A` የተጻፈው አምፔር፣ በ`W` የተጻፈው ዋት ነው። ዋቱ ሌላ አዲስ ነገር ሳይሆን የሁለቱ ብዜት ነው፤ 19.5 × 3.34 = 65.13። ዋት ያልተጻፈበት ቻርጀር ቢያጋጥም በስልክ ካልኩሌተር ሁለቱን ማባዛት ይበቃል።

ይኸው መረጃ በላፕቶፑ ሆድ ላይም በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። አሮጌው ቻርጀር ቢጠፋ እንኳ ላፕቶፑን ገልብጦ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ሁለቱ ከተለያዩ የሚታመነው የላፕቶፑ ነው፤ ምክንያቱም የጠፋው ቻርጀር ራሱ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከራሱ ቻርጀር ጋር ሳይሆን እጅ ላይ ከተገኘው ጋር ነው።

ቮልት፦ ድርድር የሌለበት ቁጥር

ቮልት ቻርጀሩ ወደ ላፕቶፑ የሚገፋበት ኃይል ነው። ላፕቶፑ በምርጫው የሚቀንሰው ወይም የሚጨምረው አይደለም፤ ሶኬቱ እንደተሰካ የተላከው ቮልት በሙሉ መግቢያው ላይ ያርፋል። ስለዚህም ነው መጀመሪያ መመሳሰል ያለበት።

የላፕቶፕ ቻርጀሮች 19 ወይም 20 ቮልት አካባቢ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። የላፕቶፕ ባትሪ በውስጡ ተከታትለው የተያያዙ ሴሎች አሉት። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ሦስት ሲደረደሩ 12.6፣ አራት ሲደረደሩ 16.8 ቮልት ይሆናሉ። ባትሪውን ለመሙላት የሚመጣው ቮልት ከዚያ በላይ መሆን ስላለበት 19 አካባቢ ያለው ለሁለቱም ይበቃል።

የግማሽ ቮልት ልዩነት አያስፈራም። 19.5 በሚለው ላፕቶፕ ላይ የ19 ወይም የ20 ቮልት ቻርጀር ቢገባ፣ ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ ስለማይሞላ ማሽኑ ይችለዋል። ከአንድ ቮልት በላይ ሲራራቅ ግን መተው ይሻላል።

ቮልቱ ሲያንስ ብዙ ላፕቶፖች ቻርጀር እንዳልተሰካ ቆጥረው ዝም ይላሉ። ዝም ካላሉ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ማሽኑ የሚፈልገው 65 ዋት ቢሆንና የመጣለት 16 ቮልት ቢሆን፣ ያንን ዋት ለማግኘት ከ4 አምፔር በላይ መሳብ አለበት፤ 65 ÷ 16 = 4.06። በ19.5 ቮልት የሚበቃው 3.34 ነበር። ያ ትርፍ አምፔር በገመዱም፣ በጫፉም፣ በቻርጀሩም ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ቮልቱ ሲበዛ ጉዳቱ በላፕቶፑ ላይ ነው። በብዙ ላፕቶፖች መግቢያ ላይ ያሉት ኮንደንሰሮች እስከ 25 ቮልት እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው። የ24 ቮልት ቻርጀር እዚያ ላይ ሲሰካ ለመጠባበቂያ የተተወውን ትርፍ ሁሉ ይበላዋል። ኮንደንሰሩ ወይም ከጎኑ ያለው የባትሪ መሙያ ሰርኪዩት ሊቃጠል ይችላል። ጥገናው ከቻርጀሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠገንም።

በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው፣ ከብዙ ተቀያያሪ ጫፎች ጋር የሚመጣውና ቮልት መምረጫ ማንሸራተቻ ያለው ቻርጀር ነው። ማንሸራተቻው ከ12 ጀምሮ በ15፣ በ16፣ በ18፣ በ19፣ በ20 አልፎ እስከ 24 ቮልት ይሄዳል። ዛሬ በ19 ላይ የተስተካከለው ነገ ቦርሳ ውስጥ ተገፍቶ 24 ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህን ቻርጀር ለመጠቀም የተገደደ ሰው ከመሰካቱ በፊት ቁጥሩን በየጊዜው ማየት፣ ማንሸራተቻውንም በፕላስተር ማሸግ አለበት።

አምፔርና ዋት፦ ቢበልጥ የማይጎዳው

«65 ዋት የሚል ላፕቶፕ ላይ የ90 ዋት ቻርጀር ብሰካ ይቃጠላል?» የሚለው ጥያቄ ጥገና ቤቶች ደጋግመው የሚሰሙት ነው። መልሱ አይቃጠልም ነው። ሰውን የሚያሳስተው ቮልትና አምፔር አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸው መምሰሉ ነው። ቮልት ከቻርጀሩ ይላካል፤ አምፔርን ግን ላፕቶፑ ራሱ ይስባል። በቻርጀሩ ላይ የተጻፈው አምፔር «ይህን እልካለሁ» ማለት ሳይሆን «እስከዚህ ድረስ ብትስብ እችላለሁ» ማለት ነው።

ይህን ለማመን ወደ ማዕድ ቤት ማየት ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ የሚሠራበት መስመር በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይሸከማል። በዚያው ቤት የስልክ ቻርጀር ሲሰካ ግን አይቃጠልም፤ ከመስመሩ የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው። የ90 ዋት፣ የ130 ዋትም ቢሆን ቻርጀር 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ እንዲሁ ነው። ቮልቱና ጫፉ ከገጠሙ ቻርጀሩ በሙሉ አቅሙ ስለማይሠራ እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሎ ይውላል።

ይሁንና ትልቅ ዋት ባትሪውን ያን ያህል በፍጥነት ይሞላል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ባትሪው በምን ፍጥነት እንደሚሞላ የሚወስነው በላፕቶፑ ውስጥ ያለው መሙያ ሰርኪዩት ነው። ለአብነት አንድ ላፕቶፕ ጽሑፍ ሲጻፍበት 15 ዋት ይወስዳል፣ መሙያ ሰርኪዩቱም ቢበዛ 40 ዋት ለባትሪው ይሰጣል እንበል። ባለ 65 ዋት ቻርጀር ሲሰካ ከሥራው የሚተርፈው 50 ዋት ነው፤ ባትሪው 40ውን ወስዶ በሚችለው ፍጥነት ይሞላል። ባለ 90 ሲሰካ 75 ዋት ይተርፋል፤ ባትሪው ግን አሁንም የሚወስደው 40 ነው። ገዢው ለተጨማሪው 25 ዋት ገንዘብ ከፈለ እንጂ ጊዜ አላተረፈም።

በዚሁ ሒሳብ ዋት ሲያንስ የሚሆነውን እንየው። በዚያው ላፕቶፕ ላይ ባለ 45 ዋት ቻርጀር ሲሰካ ለባትሪው የሚተርፈው 30 ዋት ነው። ይሞላል፤ ግን ቀስ እያለ። ባለቤቱ ቪዲዮ ማቀናበር ቢጀምርና ማሽኑ 40 ዋት መሳብ ቢጀምር ለባትሪው 5 ዋት ብቻ ይቀራል፤ ከሰዓታት በኋላም መቶኛው ንቅንቅ አይልም። ሥራው 50 ዋት ቢጠይቅ ደግሞ ጉድለቱ ከባትሪው ይወሰዳል፤ ቻርጀሩ እንደተሰካ ባትሪው ይቀንሳል። ከ180 ዋት በላይ የሚፈልጉ የጨዋታ ላፕቶፖች በ65 ዋት ቻርጀር ሲሠሩ የሚታየው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ላፕቶፑ ቻርጀሩ ደካማ መሆኑን ካወቀ ነው። ካወቀ ፍላጎቱን ይገድባል፤ ሙሌቱን ያዘገያል፣ ፕሮሰሰሩንም ያቀዘቅዛል። ካላወቀ ግን እንደ ልማዱ 65 ዋቱን ሊስብ ይሞክራል። በደንብ የተሠራ ቻርጀር ያን ጊዜ ራሱን ያጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይነሳል፤ እንደገና ይጠፋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ላፕቶፑም «ተሰካ፣ ተነቀለ» እያለ የሚያስቸግር ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መከላከያ የሌለው ፎርጅድ ቻርጀር ግን አይጠፋም። ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይሸታል። እንዲህ ያለውን ቻርጀር አልጋ ላይ ወይም ትራስ ሥር አስቀምጦ መተኛት እሳት መጋበዝ ነው።

ጫፉ፦ ከመጠን በላይ የሆነ ነገር

ክብ ጫፍ ሁለት ልክ አለው፤ የውጩ ስፋትና የውስጡ ቀዳዳ። ብዙ የቶሺባና የአሱስ ቻርጀሮች በውጭ 5.5፣ በውስጥ 2.5 ሚሊሜትር ናቸው። የኤሰር ብዙዎቹ በውጭ ያው 5.5 ሆነው በውስጥ ግን 1.7 ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ አይለዩም። ቀዳዳው ሰፊ የሆነው ጫፍ ቀጭን መርፌ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ይገባል፣ ይበራልም። ነገር ግን መርፌውን አጥብቆ አይይዘውም። ላፕቶፑ በተነቃነቀ ቁጥር ይቋረጣል፤ በተቋረጠ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ፤ ብልጭታውም መገናኛውን እያጠቆረ ሄዶ በመጨረሻ የላፕቶፑን ጃክ ያቃጥላል። የሚወዛወዝ ጫፍ ቢሠራም ትክክለኛው አይደለም።

የዴል ወፍራሙ ጫፍ በውጭ 7.4 ሚሊሜትር ሲሆን ከመካከሉ ቀጭን መርፌ አለው። ብዙ ሰው ኃይሉ የሚያልፈው በዚያ መርፌ ይመስለዋል፤ አይደለም። ፖዘቲቩ በክቡ ቱቦ የውስጥ ግድግዳ፣ ኔጋቲቩ በውጩ ግድግዳ ነው። መርፌው የመልእክት መስመር ነው። በቻርጀሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ አለች፤ ቻርጀሩ የዴል መሆኑንና ስንት ዋት እንደሚችል ተጽፎባታል። ላፕቶፑ ቻርጀር እንደተሰካለት በመርፌው በኩል ያንን ያነብባል።

አሁን ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኤችፒ የብዙ ዓመታት ወፍራም ጫፍም 7.4 ሚሊሜትር ነው፤ መርፌም አለው። ዴል ላይ ሲሰካ ጥርት ብሎ ይገባል። ነገር ግን ዴል የሚጠብቃት ቺፕ እዚያ የለችም። ቺፕ የሌለው ርካሽ ኮፒ ሲሰካም እንደዚያው ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ይህን መልእክት ያወጣል፦

```
The AC power adapter wattage and type cannot be determined.
```

ትርጉሙ የቻርጀሩን ዓይነትና ዋት ማወቅ አልቻልኩም ነው። ዴል በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ለጥንቃቄ ነው፤ ላፕቶፑን ያሠራል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገየዋል። ዊንዶውስ ላይ `Task Manager` ተከፍቶ `Performance` የሚለው ሲታይ ፍጥነቱ 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ተቸክሎ ሊገኝ ይችላል። በመግቢያው ላይ ያነሳነው፣ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ቫይረስ የመሰለው ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ዊንዶውስን አስጠፍቶ ማስጫን አይፈውሰውም።

ላፕቶፑ ቻርጀሩን ማወቅ አለማወቁን ለማየት ሲነሳ `F2` ተጭኖ ወደ ውስጥ መግባት ይቻላል። ስለ ባትሪና ስለ ቻርጀር በሚናገረው ገጽ ላይ የቻርጀሩ ዋት ተጽፎ ከታየ ተዋውቀዋል ማለት ነው። `Unknown` ካለ አልተዋወቁም።

ይሁን እንጂ ይህ መልእክት ሁልጊዜ ቻርጀሩ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ወደ መርፌው የሚሄደው የመልእክት ሽቦ ቀጭን ስለሆነ፣ ገመዱ ከጫፉ አጠገብ ሲታጠፍ ሲታጠፍ በኦሪጅናሉ ቻርጀርም ላይ ይበጠሳል። የላፕቶፑ ጃክ ሲላላም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛት በፊት ሁለት ሙከራ ያስፈልጋል። ቻርጀሩን በሌላ ዴል ላፕቶፕ ላይ መሞከር፣ ከዚያም በደህና የሚሠራ የዴል ቻርጀር ተውሶ በራስ ላፕቶፕ ላይ መሞከር። ቻርጀሩ በሌላው ላይ ከታወቀና የተዋሱት ደግሞ በራስ ማሽን ላይ ካልታወቀ ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ አሥር ቻርጀር ቢገዛ አይፈታውም።

ሌኖቮም በአራት ማዕዘኑ ጫፉ መካከል ባለው መርፌ፣ ኤችፒም በጫፉ መካከል ባለው መርፌ በየራሳቸው መንገድ ቻርጀራቸውን ይለያሉ። ስለዚህ ለእነዚህ ብራንዶች «ጫፍ መለወጫ» ሲገዛ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን መልእክቱንም የሚያሳልፍ መሆኑን ሰክቶ ማረጋገጥ ይገባል።

በዩኤስቢ-ሲ ሲሆን

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በስልክ በለመድነው ጠፍጣፋ የዩኤስቢ-ሲ ጫፍ መሞላት ጀምረዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 ጀምሮ በገበያው ለሚቀርቡ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ጫፍ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አውጥቷል። እዚህ ላይ የቮልቱ ጉዳይ መልኩን ይለውጣል። ቻርጀሩ መጀመሪያ የሚልከው 5 ቮልት ብቻ ነው። ከዚያ ላፕቶፑና ቻርጀሩ በመልእክት ይነጋገራሉ፤ ቻርጀሩ ያለውን ይዘረዝራል፣ ላፕቶፑ የሚስማማውን ይመርጣል። ስለዚህ በጀርባው ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ ቮልት ተጽፎ ይገኛል፤ 5፣ 9፣ 15 እና 20። ትልቅ ቻርጀር ትንሽ ዕቃን የማያቃጥለው በዚህ ንግግር ምክንያት ነው።

የሚታየው ከፍተኛው ቮልትና ከጎኑ ያለው አምፔር ነው። ብዙ ላፕቶፖች 20 ቮልት ይፈልጋሉ። የ20 ዋት የስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ከ9 ወይም ከ12 ቮልት ስለማይዘል፣ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ወይ ዝም ይላል ወይ «ቀርፋፋ ቻርጀር» ብሎ ያስጠነቅቃል።

ሌላው የሚረሳው ገመዱ ነው። ተራ የዩኤስቢ-ሲ ገመድ 3 አምፔር ይሸከማል፤ በ20 ቮልት 60 ዋት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለማሳለፍ 5 አምፔር የሚችልና ይህንኑ የሚያሳውቅ ቺፕ በጫፉ ውስጥ ያለበት ገመድ ያስፈልጋል። ባለ 100 ዋት ቻርጀር ገዝቶ ከስልክ በተረፈ ገመድ የሚጠቀም ሰው የሚያገኘው ቢበዛ 60 ዋት ነው፤ ቻርጀሩንም ያለ ጥፋቱ ይከሳል።

አራት ቻርጀሮች፣ አንድ ላፕቶፕ

አሁን ወደ ዴላችን እንመለስ። በሆዱ ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ይላል፤ ጃኩ ወፍራሙ፣ ባለ 7.4 ሚሊሜትሩ ነው። በመርካቶም ሆነ በመገናኛ አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ አራት አማራጮች አቀረበ እንበል።

የመጀመሪያው የኤችፒ፣ 18.5 ቮልት፣ 3.5 አምፔር ነው። ዋቱ ሲባዛ 65 አካባቢ ይመጣል፤ ጫፉም ይገባል። ነገር ግን ቮልቱ በአንድ ያንሳል፤ ከዚያም በላይ ዴል አያውቀውም። ላፕቶፑ በርቶ ባትሪው ባዶ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ በመብራቱ ብቻ ከተፈረደ ግን ደህና ይመስላል።

ሁለተኛው 19.5 ቮልት፣ 2.31 አምፔር የሆነ የዴል ቻርጀር ነው፤ ቀጭን ጫፍ ስላለው ከጫፍ መለወጫ ጋር ይሸጣል። ቮልቱ ትክክል ነው። ዋቱ ግን 45 ነው። መለወጫው መልእክቱን ካሳለፈ ላፕቶፑ ያውቀዋል፤ ደካማ መሆኑንም ይናገራል፤ ቀስ ብሎ ይሞላል። ለጽሑፍና ለኢሜይል ብቻ ለሚጠቀም ሰው ለጊዜው ያገለግላል። ለከባድ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው ባለ ማንሸራተቻው ነው። 96 ዋት ይላል፤ ጫፉም አለው። 19.5 የሚል ምርጫ የለውም፤ 19 ወይም 20 ላይ ሊሠራ ይችል ነበር። ግን የዴል ቺፕ ከሌለው ከመጀመሪያው አይሻልም፤ በላዩም 24 ቮልት የሚልክበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

አራተኛው 19.5 ቮልት፣ 4.62 አምፔር፣ 90 ዋት፣ ወፍራም የዴል ጫፍ ያለው ነው። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ በላይ፣ ጫፉ የራሱ። «ዋቱ በዝቷል» ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ይህ ነው፤ መገዛት ያለበት ግን እሱ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚቀረው ፈተና አጭር ነው። ላፕቶፑን ባትሪው ጎደል ብሎ፣ ቢቻል ከግማሽ በታች ሆኖ ይዞ መሄድ ይገባል፤ ሙሉ ባትሪ ቻርጀሩ ይሙላ አይሙላ አያሳይም። ከተሰካ በኋላ `F2` ተጭኖ 90 ዋት ብሎ መታወቁን ማየት፣ ከዚያም ዊንዶውስ ሲነሳ የባትሪው ምልክት እየሞላ መሆኑን መናገሩን ማረጋገጥ ነው። ሻጩ ቴስተር ካለው ከዲሲ 20 በላይ ባለው መለኪያ ላይ አድርጎ፣ አንዱን ዘንግ በቱቦው ውስጥ፣ ሌላውን በውጩ አስነክቶ 19.5 አካባቢ መምጣቱን ያሳያል። ዘንጉ መካከለኛዋን መርፌ መንካት የለበትም። ይህ ልኬት ግን ቮልቱን እንጂ አምፔሩን አያረጋግጥም፤ የ40 ዋት አቅም ያለው ፎርጅድም ሥራ ሳይጫንበት ያንኑ 19.5 ያሳያል።

አቅሙ የሚታወቀው ሲሠራ ነው። ቤት ሲደርስ ባትሪው እየሞላ ሳለ ቪዲዮ ከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራትና ቻርጀሩን በእጅ መንካት ነው። ሞቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እጅ ማሳረፍ ካልተቻለ፣ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ከውስጡ የመንጫጫት ድምፅ ከተሰማ መጀመሪያ ከግድግዳው መንቀልና ደረሰኙን ይዞ ወደ ሱቁ መመለስ ነው። ጀርባው ላይ 90 ዋት ቢጻፍም፣ እንዲህ ያለ ቻርጀር በተግባር የተጻፈለትን አልቻለም።